የእንፋሎት ካውያ ለምን ያንጠባጥባል? ለምንስ ቡናማ ይተፋል? ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

«የእንፋሎት ካውያዎ ውሃ ማንጠባጠብ ከጀመረ የውስጡ ጎማ አልቋልና አይድከሙ፤ አዲስ ይግዙ። ቡናማ እድፍ የሚተፋ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ዝጓል። ዝገቱን ለማስወገድ የሎሚ ጭማቂና አቼቶ እኩል ቀላቅለው ማጠራቀሚያውን ይሙሉ፤ ካውያውን እስከ መጨረሻው አግለው በእንፋሎት ያስወጡት። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በመርፌ ይክፈቱ። ከዚያ በኋላ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ፤ ካውያዎ ዕድሜ ልክ ያገለግልዎታል።»

ይህን ምክር የጻፉት ሰው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። ምክሩ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ከጀመረ ወዲህ የተቃጠለ ሎሚ የሚሸት ካውያ ጠረጴዛዬ ላይ እየበዛ መጣ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ፤ ሁሉም ነጥብ ግን እኩል ክብደት ስለሌለው እኩል ቦታ አልሰጠውም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለ እርሱ የቀረው አይገባምና። ብዙ ሰው የእንፋሎት ካውያ እንደ ማንቆርቆሪያ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ ይመስለዋል። በተለመደው የቤት ካውያ እንዲህ አይደለም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ውሃ አይፈላም። ከማጠራቀሚያው ሥር አንዲት ጠባብ ቫልቭ አለች፤ ውሃው በእርሷ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ወደ ታችኛው ብረት ይወርዳል። ብረቱ ላይ ከማሞቂያው ጋር አብሮ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ጓዳ አለ። ጠብታዋ የጋለውን ጓዳ በነካችበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጣ በቀዳዳዎቹ ትወጣለች። እንግዲህ ካውያ ሲበላሽ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከዚህ ይመነጫሉ። ብረቱ ጠብታዋን ለማትነን የሚበቃ ሙቀት አለው? መንገዱ ክፍት ነው? ከውሃው ጋር ውሃ ያልሆነ ምን ገባ?

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልሂድ። እያንጠባጠቡ ወደ እኔ ከሚመጡ ካውያዎች ውስጥ ጎማቸው በእርግጥ ያለቀው ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚያንጠባጥቡት ብረቱ ሳይግል ውሃው ስለሚለቀቅባቸው ነው። የሙቀት ማስተካከያው ላይ ያሉትን ነጥቦች ይመልከቱ። አንድ ነጥብ ለናይለንና ለመሳሰሉት ሲሆን ወደ 110 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሁለት ነጥብ ለሱፍና ለሐር ወደ 150፣ ሦስት ነጥብ ለጥጥና ለበፍታ ወደ 200 ዲግሪ ነው። እንፋሎት የሚሠራው በአብዛኞቹ ካውያዎች ከሁለት ነጥብ ጀምሮ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ እንፋሎቱን የከፈተ ሰው ጠብታዋ ሳትተን በቀዳዳው ብትወርድበት የካውያው ጥፋት አይደለም። መብራቷ እስክትጠፋ ሳይጠብቁ መጀመር፣ የእንፋሎት መርጫውን ቁልፍ በተከታታይ አምስት ስድስት ጊዜ መጫን፣ ማጠራቀሚያውን ከምልክቱ በላይ መሙላት፣ ውሃ እንደያዘ አጋድሞ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ ውጤታቸው አንድ ነው።

ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው ከከፍታው የተነሳ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እዚህ ይቀላል የሚል ደንበኛ አጋጥሞኝ ያውቃል። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ግን ብዙም አይጠቅመውም። ውሃን ወደ እንፋሎት መለወጥ ብዙ ጉልበት የሚጠይቀው መፍላት ከጀመረ በኋላ ነውና።

ጎልቶ የማይነገረው ምክንያት ግን የመብራት ኃይል ማነስ ነው። ነገሩን በቁጥር እንየው። ካውያው በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚስብ ነው እንበል። በደቂቃ 30 ግራም እንፋሎት እንዲሰጥ ከተፈለገ፣ ውሃውን አሙቆ ለማትነን ብቻ ወደ 1300 ዋት ይሄዳል። 700 ዋት ይተርፋል፤ ልብሱን የሚተኩሰው እርሱ ነው። አሁን ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ጥዶ ቮልቴጁ ወደ 180 ወርዶ ይታይዎት። የማሞቂያ ኃይል የሚቀንሰው ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይደለም፤ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ስለዚህ ካውያው 2000 ዋት መሆኑ ቀርቶ 1340 ዋት ገደማ ይሆናል። ያ ሁሉ ለእንፋሎት ቢውል እንኳ ለልብሱ የሚተርፈው ከ50 ዋት ያነሰ ነው። ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠብታዋም ሳትተን ልብስ ላይ ትወርዳለች። መፍትሔው የእንፋሎቱን ማስተካከያ ወደ ግማሽ ማውረድ፣ ወይም የሚንጨረጨረውን ውሃ ትቶ በእርጥብ ጨርቅ መተኮስ ነው። ካውያ መለወጥ አይደለም።

የጎማውን ጉዳይ ለመለየት የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ፤ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ካውያው ከሶኬት ተነቅሎ ቀዝቃዛ ሳለ ማጠራቀሚያውን እስከ ምልክቱ ይሙሉ። የእንፋሎት ማስተካከያውን ይዝጉ። ደረቅ ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ካውያውን በሆዱ ያስተኙትና ሩብ ሰዓት ይጠብቁ። ጨርቁ ደረቅ ከሆነ ቫልቩም ጎማውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከሙቀት ነው። በቀዳዳዎቹ ትክክል ረጥቦ ካገኙት ቫልቩ አይዘጋም፤ ብዙውን ጊዜ የሚከለክለው የቫልቩ ጫፍ ላይ የተጋገረ ቅርፊት ነው፤ እርሱ ደግሞ ይጸዳል። ውሃው የወጣው ፕላስቲኩና ብረቱ ከሚገናኙበት ዙሪያ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ጎማው አልቋል ወይም ማጠራቀሚያው ተሰንጥቋል። እንዲህ ያለውን ካውያ በሙቅ አይሞክሩት። ውሃው ወደ ማሞቂያው ገመድ መገናኛ ከደረሰ ይነዝራል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው እርሱ ነውና። የእንፋሎት ጓዳው የሚቀረጸው ከአሉሚኒየም ነው። ከታች የሚያብረቀርቅ አይዝጌ ብረት ወይም የማይጣበቅ ቅብ ቢኖረውም፣ ከላዩ ያለው፣ ውሃው የሚያርፍበት ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሊበላ ይችላል፤ ሲበላ ግን ነጭ ዱቄት ነው የሚያወጣው። ቡናማ ዝገት የሚያወጣው ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ቡናማው ከካውያው ሥጋ የወጣ ሳይሆን ከውጭ የገባ ነው። የሚገባባቸው በሮችም በዋናነት ሁለት ናቸው።

አንደኛው ውሃው ራሱ ነው። ውሃ ለሁለት ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያው ባልዲ ምን እንደሚመስል የከተማችን ሰው ያውቀዋል። አሮጌ ብረት ቧንቧ ውስጥ የተጋገረው ዝገት ውሃው ሲቆም ይደርቃል፤ ሲመለስ ደግሞ እየተላጠ ይመጣል። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሥር የሚዘቅጠውም ይኸው ነው። ከዚያ የተቀዳ ውሃ ዓይን ሲያየው ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ካውያው ውስጥ ግን ውሃው ተንኖ ሲሄድ ዝገቱ ይቀራል፤ ይከማቻል፤ አንድ ቀን ከእንፋሎቱ ጋር ተገፍቶ ይወጣል። ከዝገቱ ሌላ በውሃው ውስጥ የሟሟ ካልሲየም አለ፤ ሲሞቅ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ቅርፊቱ ራሱ ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ዝገት ሲጠጣ ግን ቡናማ ይሆናል።

ሁለተኛው በር ከልብሱ በኩል ነው። ተረጭቶ የሚተኮስ ስታርች፣ በደንብ ያልታጠበ የልብስ ሳሙና፣ የልብስ ማለስለሻ፣ መዓዛ ያለው የካውያ ውሃ፣ የክር ብናኝ፣ እነዚህ ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ይቃጠላሉ። የተቃጠለ ስታርች ቀለሙ ከዝገት አይለይም። አሠራሩ ግን ሌላ ነው፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

እንዴት ይለያሉ? ከባለፈው ፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት አንዲት እናት ካውያቸውንና አንድ ነጠላ ይዘው መጡ። ነጠላው መሐል ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሰባት ስምንት ቡናማ ነጠብጣቦች ነበሩበት። ልጃቸው ያንኑ ምክር አንብባ አዲስ ካውያ እንግዛ እንዳለቻቸው ነገሩኝ። መጀመሪያ የቀዝቃዛውን ፈተና አደረግን፤ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ተነሣ። ጎማው ደህና ነው። ከዚያ ካውያውን በሦስት ነጥብ አግለን ያረጀ ነጭ ጨርቅ ላይ ያዝነው። እንፋሎቱ እየተቆራረጠ፣ እየተንተፋተፈ ወጣ፤ ከእርሱ ጋር የአሸዋ ቅንጣት የመሰለ ቡናማ ነገር። ከሃያ ሦስቱ ቀዳዳዎች ዘጠኙ ምንም አይተነፍሱም።

ነጠላው ላይ ካለው እድፍ አንዱን መርጬ ሲትሪክ አሲድ፣ ገበያ ላይ የሎሚ ጨው የሚባለውን፣ በትንሽ ለብ ያለ ውሃ አሟሙቼ አንድ ሁለት ጠብታ አሳረፍኩበት። ዝገት ከሆነ ሲትሪክ አሲድ ያሟሟዋል፤ ስታርች ከሆነ አይነካውም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነጠብጣቧ መሐሉ ጠፍቶ ዙሪያዋ ብቻ ፈዛዛ ቢጫ ሆና ቀረች። ሁለቱም በሮች ተከፍተው ነበር ማለት ነው። ሴትዮዋን ስጠይቃቸው ውሃው ከሮቶ እንደሚቀዳ፣ ለበዓል ልብስም ስታርች እንደሚረጩ ነገሩኝ። የቀረውን ቢጫ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፈው እንዲያጥቡት፣ አሲዱንም ከመተኮሳቸው በፊት በደንብ እንዲያለቀልቁት መከርኳቸው፤ አሲድ ያለበት ጥጥ ካውያ ሲነካው ራሱ ይቢጫል። የጥበቡ ቀለም እንዳይለቅ ደግሞ መጀመሪያ በጥጉ መሞከር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር በተለይ አደራ አልኳቸው፤ በረኪና እንዳያስነኩት። ነጭ ልብስ ላይ እድፍ ያየ ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በረኪናው ነው። በረኪና ዝገትን አያነጣም፤ ጨርቁ ላይ ይበልጥ ያጸናዋል። በረኪና የጠጣ የዝገት እድፍ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ማጽናኛ ቃል የለኝም።

ሦስተኛው ነጥብ ካውያ የሚገድለው ነው። የሎሚ ጭማቂ ሲትሪክ አሲድ ብቻ አይደለም፤ ስኳርና የፍሬው ሥጋ ብናኝ አለበት። ብረት ምጣድ ላይ ሎሚ ጨምቆ የሚያውቅ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ይጠቁራል፤ ይጣበቃል። 200 ዲግሪ የጋለ ጓዳ ውስጥም እንዲሁ ነው። ቡናማውን ለማጥፋት ተብሎ የገባው ሎሚ አዲስ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ንጹሑ ሲትሪክ አሲድ እንኳ ወደ 153 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ከ175 ዲግሪ በላይ ደግሞ እየፈረሰ የሚያጣብቅ ቡናማ ቅሪት ይተዋል። አቼቶው በበኩሉ ጋለ በሚባል ብረት ላይ ቅርፊቱን ለመብላት ጊዜ አያገኝም፤ ተንኖ ፊት ላይ ነው የሚወጣው፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። አሲድ ቅርፊትን የሚያሟሟው በጊዜ እንጂ በግለት አይደለም። ካውያን እስከ መጨረሻው አግሎ አሲድ መጨመር ማለት አሲዱን ማባከንና ጓዳውን ማበላሸት ነው። በዚያ ላይ ብዙ ጓዳዎች ጠብታዋ ሳትንከባለል ተዘርግታ እንድትተን የሚያደርግ ቅብ አላቸው፤ የበረታ አሲድ ይህን ቅብ ይልጠዋል። ቅቡ የተላጠበት ካውያ ንጹሕ ቢሆንም ይተፋል፤ ጠብታዋ ጋለ ምጣድ ላይ እንደወደቀች ውሃ እየተንከባለለች ሳትተን ታመልጣለችና።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ያለ ምንም አሲድ፣ በውሃ ብቻ። ማጠራቀሚያውን ይሙሉ፤ እንፋሎቱን ዘግተው ካውያውን በሦስት ነጥብ ያግሉት። መብራቷ ጠፍታ እንደገና በርታ ስትጠፋ ከሶኬት ይንቀሉት። ይህን አይዝለሉ። ከዚያ ካውያውን መታጠቢያ ገንዳ ላይ አግድም ይዘው የራስ ማጽጃውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ቁልፉ የሌለው ከሆነ የእንፋሎቱን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ያወዛውዙት። የፈላ ውሃና እንፋሎት በአንድ ላይ ይወርዳል፤ እጅዎን ከሥር አያድርጉ። ድንገተኛው የውሃ ብዛትና ግለቱ ቅርፊቱን ያነቃንቀዋል። የሴትዮዋ ካውያ በመጀመሪያው ሙሌት ደም የመሰለ ቡናማ ውሃ ነበር የተፋው። በሁለተኛው ሙሌት ውሃው ጠርቶ የእንቁላል ቅርፊት የመሰሉ ነጫጭ ስብርባሪዎች ገንዳው ላይ ቀሩ። አንዷን አንሥቼ አቼቶ ያለበት ስኒ ውስጥ ስከታት አረፋ እየደፈቀች አለቀች። የእንቁላል ቅርፊትም ቢሆን እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸውና። ከአራተኛው ሙሌት በኋላ ከዘጠኙ ዝግ ቀዳዳዎች አምስቱ ተከፈቱ።

ለቀሩት አራቱ ነው ሲትሪክ አሲድ የተጠቀምኩት። ያን ከማድረጌ በፊት ግን ከካውያው ጋር የመጣውን መመሪያ አየሁ፤ አንዳንድ አምራቾች ማንኛውንም አሲድ ይከለክላሉ፤ ከከለከሉ አለማድረግ ነው። እንዲህ አደረግሁ። 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ የሎሚ ጨው አሟሟሁ። ካውያውን ትንሽ አሙቄ ከሶኬት ነቀልኩት። ብረቱ ላይ የውሃ ጠብታ ሳሳርፍ መንጫጫቷን እስክትተው ጠበቅሁ። ከዚያ ሟሙን ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሬ እንፋሎቱን ከፈትሁ፤ ካውያውን ዝርግ ሳህን ላይ በተቀመጡ ሁለት እንጨቶች አጋድሜ በሆዱ አስቀመጥሁት። ሟሙ ቀስ እያለ ጓዳውን እያረሰ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ሌሊቱን ማሳደር ብልህነት አይደለም፤ አሲዱ ቅርፊቱን ሲጨርስ አሉሚኒየሙን ይጀምራል። ሟሙን ማፍላትም እንዲሁ፤ ካልሲየሙና አሲዱ ተዋሕደው የሚፈጥሩት ጨው በፈላ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ አይቀርም፤ ተመልሶ ይዘቅጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው መለቅለቅ ከማሟሟቱ ይበልጣል። ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሞላሁና ደፋሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ እንደ ቀድሞው አግዬ በውሃ ብቻ አስተፋሁት። ጓዳው ውስጥ የቀረች አሲድ ኋላ ስትግል ራሷ ቡናማ ስለምትሆን ነው። በመጨረሻም ያረጀ ጨርቅ ላይ አምስት ደቂቃ በእንፋሎት ሠራሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቀረ።

አራተኛው ነጥብ በአጭሩ ይመለሳል። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ የሚደፈነው ከውስጥ ነው። መርፌ ከውጭ ሲገባ ቅርፊቱን መልሶ ወደ ጓዳው ይገፋዋል፤ በሚቀጥለው ቀን ያው ቅርፊት ሌላ ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። መርፌ ከንፈሩን ከቧጨረ ደግሞ የተቧጨረው ጠርዝ ጥለቱን ሁሉ እየጎተተ ክር ይመዛል። ከውጭ በኩል ስታርች የተጋገረበት ከሆነ፣ በለብ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቀዝቃዛው ብረት ላይ አንድ ሩብ ሰዓት አኑረው ሲለሰልስ በስቴኪኒ ወይም በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ቀስ አድርገው ያንሡት። ካውያውን ሆዱን ወደ ታች አድርገው ነው፤ የተነሣው ወደ ውጭ እንዲወድቅ።

አምስተኛው ነጥብ ውስጥ እውነት አለ። የባትሪ ውሃ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው፤ ቅርፊት አይጋግርም። ግን ሦስት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ፣ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ የሚሸጡት በአንድ ሱቅ፣ አንዳንዴም በተመሳሳይ ጀሪካን ነው። የባትሪ አሲዱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ ካውያውን ብቻ ሳይሆን እጅና ዓይንን ያጠፋል። ምልክት የሌለበትን ጠርሙስ፣ ሻጩ «ውሃው ነው» ስላለ ብቻ አይግዙ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ካውያዎች ለቧንቧ ውሃ ተብለው ስለተሠሩ ንጹሕ የባትሪ ውሃ ሲገባባቸው ይተፋሉ፤ የእነርሱ መመሪያ ግማሽ ለግማሽ ከቧንቧ ውሃ ጋር እንዲቀላቀል ያዛል። ሦስተኛ፣ ቀድሞ የተጋገረውን አያሟሟም።

ደግሞ ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ውሃው አንድ አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ማዕድኑ ቀለል ያለ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ካልሲየሙ በርከት ይላል። ድሬዳዋ ያለ ሰውማ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ማየት ይበቃዋል። የእርስዎን ውሃ ለማወቅ ንጹሕ የመስኮት መስታወት ላይ አንድ ማንኪያ የቧንቧ ውሃ፣ አጠገቡ አንድ ማንኪያ የባትሪ ውሃ አሳርፈው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። የቧንቧው ወፍራም ነጭ ቀለበት ከተወ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ማስተፋት ያስፈልግዎታል፤ እምብዛም ምልክት ካልተወ በወር አንዴ ይበቃል። ቀለበቱ ቡናማ ከሆነ ችግሩ ቧንቧው ወይም ሮቶው ነው።

አንዳንዶች ውሃውን አፍልተው ይጨምራሉ። ይህ በከፊል ትክክል ነው፤ ካልሲየሙ ከፊሉ ሲፈላ ይወርዳል። የሚሠራው ግን ውሃው ቀዝቅዞ፣ ሌሊቱን ዘቅጦ፣ ከላይ በጥንቃቄ ሲቀዳ ነው። አፍልቶ ወዲያው መገልበጥ ዝቃጩን ጨምሮ መገልበጥ ነው። አንድ ደንበኛዬ ደግሞ «ማዕድን ያለው ውሃ ጥሩ ነው» ብለው አምቦ ውሃ ሞልተውበት ነበር። ማዕድኑ ለሆድ እንጂ ለካውያ አይደለም። ጓዳውን ስከፍተው የጨው ዋሻ መስሎ አገኘሁት፤ አልተረፈም።

ዕድሜ ልክ የሚለውን በተመለከተ፣ የእንፋሎት ካውያ ውስጥ ጎማ፣ ፕላስቲክና የሙቀት መቆጣጠሪያ አሉ፤ ሁሉም ያረጃሉ። ከባትሪ ውሃው ይልቅ ግን ተኩሰው ሲጨርሱ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሥራ ሲያልቅ ማጠራቀሚያውን መድፋት፣ እንፋሎቱን ከፍቶ ለሁለት ደቂቃ ማድረቅ፣ ቀዝቅዞ ሲያበቃ አቁሞ ማስቀመጥ። ስታርች ለሚረጩ ሰዎች ደግሞ ልብሱን ገልብጠው በውስጡ በኩል ቢረጩ ካውያው ሲያልፍበት ብዙም አያገኘውም።

የሴትዮዋ ካውያ ከሃያ ሦስት ቀዳዳዎቹ ሃያ ሁለቱ ተከፍተው ተመለሰላቸው። አንዱ እምቢ አለ፤ ተውኩት፤ በአንድ ቀዳዳ የሚጎዳ የለም። ከፋሲካ በኋላ ደውለው ካውያው ማታ ላይ እንደገና ያንጠባጥባል አሉኝ። ቀን ቀን ምንም የለበትም፤ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አምፖሉ ደብዘዝ እንደሚልባቸው ጠየቅኳቸው። «አዎ፣ ጎረቤት እንጀራ ሲጋግር» አሉ። አሁን ጠዋት ጠዋት ነው የሚተኩሱት።